አግድም ቱቦ ከቁም ቱቦ፦ ቀመሩ እጥፍ ይላል፣ ኮንደንሴቱ ግን እጥፍ አልሆነም

ሰላም_ኤም

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ጭንቅላቴን ያዞረኝ ነገር አለ።

አንድ ዓይነት የመዳብ ቱቦ አለን። ውጫዊ ዲያሜትሩ 25 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ነው። በውስጡ ቀዝቃዛ ውኃ ያልፋል፣ በውጭ በኩል ደግሞ 100 ዲግሪ የሆነ እንፋሎት አለ፣ በተራ የአየር ግፊት። መጀመሪያ ቱቦውን አግድም አድርገን እንሠራለን፣ ከዚያ ያንኑ አቁመን እንደግማለን።

ከሙከራው በፊት በኑሴልት ቀመር አስልቼ ነበር። የቱቦው ገጽ 80 ዲግሪ ነው ብዬ ያዝኩ፤ የመልመጃ ጥያቄዎቹ ሁሉ እንደዚያ ናቸው። የሙቀት ማስተላለፊያ ኮኤፊሸንቱ ለአግድሙ 10,390 ገደማ፣ ለቁሙ 5,345 ገደማ ወጣ (ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ)። ኮንደንሴቱ፣ ማለትም ወደ ውኃ የተቀየረው እንፋሎት፣ በሰዓት 25 ኪሎ ለአግድሙ፣ 13 ኪሎ ለቁሙ። እጥፍ ማለት ነው።

ስንለካ ግን አግድሙ በሰዓት 21 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ቁሙ 18 ኪሎ ገደማ ሰጠ። ልዩነቱ ሃያ ከመቶም አይሞላም። አንዱ ከቀመሩ አነሰ፣ ሌላው ከቀመሩ በለጠ። በአንድ አቅጣጫ ቢሳሳት ኖሮ የሙቀት ብክነት ነው ብዬ እተወው ነበር። ምን እያመለጠኝ ነው?

ዳዊት88

እኔ ቀመሩን ራሱ አላምነውም። እስቲ አስቢው። ቁም ቱቦ ላይ የስበት ኃይል ሙሉ በሙሉ በገጹ አቅጣጫ ይስባል። አግድሙ ላይ ግን አናቱ ላይ ገጹ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውኃው የሚሄድበት የለውም፤ ጎኑ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው በደንብ የሚወርደው። ስለዚህ ቁሙ ላይ ገጹን የሚሸፍነው ስስ የውኃ ፊልም ቶሎ ይወርዳል፣ ይሳሳል፣ ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል። ቁሙ መብለጥ ነበረበት። ልኬትሽ ወደ እውነቱ የቀረበው ለዚህ ይመስለኛል።

ግርማ_ፕሮሰስ

ዳዊት፣ ያልከው ግማሹ ትክክል ነው፤ ያውም ብዙ ሰው የማያስተውለው ግማሽ። ውኃው የሚሄድበት መንገድ እኩል ቢሆን ኖሮ ቁሙ ያሸንፍ ነበር። የዚህ ቱቦ የግማሽ ዙሪያ ርዝመት 39 ሚሊሜትር ነው። 39 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ገጽ ብትወስድና ከአግድሙ ቱቦ ጋር ብታወዳድረው፣ ቀጥ ያለው በ15 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። ምክንያቱም አንተ ያልከው ነው።

ግን መንገዱ እኩል አይደለም። አግድሙ ላይ ውኃው 39 ሚሊሜትር ሄዶ ይንጠባጠባል፣ አለቀ። ቁሙ ላይ አንድ ሜትር ሙሉ ይወርዳል፤ በየመንገዱ አዲስ ኮንደንሴት እየተጨመረበት። በሰላም ቁጥሮች ከሄድን፣ ቁሙ ቱቦ ላይ ከአናቱ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ ያለው ፊልም 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ግርጌው ላይ 0.17 ይደርሳል። ሙቀቱ በዚህ ፊልም ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ውኃ ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ሰነፍ ነው። አግድሙ ቱቦ ላይም ቢሆን 60 ከመቶ የሚሆነው ኮንደንሴት የሚፈጠረው በላይኛው ግማሽ ላይ ነው፣ ፊልሙ እዚያ ስለሚሳሳ።

ኑሴልት እ.ኤ.አ. በ1916 ያወጣው ነገር ሁለቱን ሲያነጻጽር እንዲህ ይሆናል፦

```
h_አግድም / h_ቁም = 0.77 · (L/D)^(1/4)
```

h ኮኤፊሸንቱ፣ L የቱቦው ርዝመት፣ D ዲያሜትሩ ነው። የሰላም ቱቦ L/D 40 ነው፣ ስለዚህ 1.94 ይወጣል። L/D 2.8 ሲሆን ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ ያነሰ፣ ማለትም ድቡልቡል አጭር ቱቦ ከሆነ፣ ቁሙ ይበልጣል። ግን እንደዚያ ያለ ቱቦ ማን ይሠራል?

ሰላም፣ ወደ አንቺ ጥያቄ። ቀመሩ ሳይሆን ያስገባሽለት ነገር ነው የሚያጠራጥረኝ። 80 ዲግሪ ያልሽው ከየት መጣ? በመሣሪያው ላይ የቱቦውን ገጽ የሚለካ ቴርሞካፕል አለ?

ናቲ_ዲስቲል

እኔም ቁም ኮንደንሰር አለኝ፣ ከዲስቲሌሽን ዕቃዬ በላይ የተሰቀለ። እንፋሎቱ ከታች በቱቦው ውስጥ ይገባል፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይመለሳል። እሳቱን ስጨምር በአናቱ በኩል ፈሳሽ ይተፋል። አግድም ባደርገው ይሻለኛል ማለት ነው?

ቦይለር_ቤት

ናቲ ወንድሜ፣ ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው። ሰላም ያለችው እንፋሎቱ ከቱቦው ውጭ ነው። ያንተ ውስጥ ነው፣ ያውም ወደ ላይ እየወጣ ከሚወርደው ፈሳሽ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። እንፋሎቱ ሲፈጥን ፈሳሹን አላሳልፍ ይለዋል፣ ተሸክሞት ይወጣል። ፍለዲንግ የሚሉት እሱን ነው። አግድም ብታደርገው ፈሳሹ በምን ይመለስልሃል? የቱቦውን የታችኛውን ጫፍ በሰያፍ ቁረጠው፣ ፈሳሹ በአንድ በኩል ተሰብስቦ እንዲንጠባጠብ። ትንሽ ያግዛል። ካልበቃ ወይ እሳቱን ቀንስ፣ ወይ ሰፋ ያለ ቱቦ ፈልግ።

ናቲ_ዲስቲል

በሰያፍ መቁረጥ አላሰብኩትም። እሞክረዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ሰላም_ኤም

ጋሽ ግርማ፣ 80 ከመልመጃው የመጣ ነው። ቴርሞካፕል ግን አለ፣ ገጹ ላይ በሦስት ቦታ ተበይዷል። መዝገቡን አሁን አየሁት። አማካዩ አግድም ሲሆን 84 ዲግሪ፣ ቁም ሲሆን 77 ዲግሪ። የማቀዝቀዣው ውኃ መግቢያና መውጫ አማካይ በሁለቱም 40 አካባቢ ነው፤ የውኃው ፍጥነት አልተነካም።

ግርማ_ፕሮሰስ

በቃ፣ መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ። ቀስ ብለን እንሂድበት።

በመልመጃው ላይ የገጹ ሙቀት በሁለቱም 80 ነው ተብሎ ተሰጥቷል። እንደዚያ ሲሆን ኮንደንሴቱ ከኮኤፊሸንቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ኮኤፊሸንቱ እጥፍ ከሆነ ኮንደንሴቱም እጥፍ። በመሣሪያሽ ላይ ግን 80 ላይ የሚይዘው ማንም የለም። ገጹ የሚቆመው ከውጭ የሚገባው ሙቀትና ከውስጥ በውኃው የሚወሰደው ሙቀት እኩል በሚሆኑበት ቦታ ነው። አግድሙ ከውጭ በኩል ሙቀት በቀላሉ ስለሚያስገባ ገጹ ሞቀ፣ 84 ሆነ። ቁሙ ስለሚከብደው ገጹ ቀዘቀዘ፣ 77 ሆነ። እና ቁሙ በ23 ዲግሪ ልዩነት ሲሠራ አግድሙ በ16 ዲግሪ ብቻ ነው የሚሠራው። ደካማው ተካክሷል ማለት ነው።

አሁን ከራስሽ ልኬት ወደ ኋላ እናስላው። የቱቦው ገጽ ስፋት 0.0785 ካሬ ሜትር ነው። የአግድሙ 21 ኪሎ ተኩል ኮንደንሴት ወደ ሙቀት ሲቀየር በካሬ ሜትር 175 ኪሎዋት ይሆናል፣ የቁሙ 148። ከውኃው በኩል ይህን በየሙቀት ልዩነቱ አካፍይው። 175 ለ44፣ 148 ለ37። ሁለቱም 4,000 አካባቢ ይሰጣሉ። የውኃው ፍጥነት ካልተነካ መሆን ያለበትም ይኸው ነው፤ ልኬትሽ እርስ በርሱ ይስማማል።

ከውጭ በኩል ደግሞ 175 ለ16 ሲካፈል 10,900 ገደማ፣ 148 ለ23 ሲካፈል 6,400 ገደማ። እንግዲህ ኮኤፊሸንቱ በእርግጥም በ1.7 እጥፍ ይለያያል፤ ያልጠፋ ነገር ነው። ሙቀቱ ግን በተከታታይ ሁለት በሮች ማለፍ አለበት። ጠባቡ በር የውኃው ነው። አግድሙ ላይ የኮንደንሴሽኑ ድርሻ ከጠቅላላው መከላከያ 27 ከመቶ ብቻ ነው፣ ቁሙ ላይ 38። ሰፊውን በር ይበልጥ ብታሰፊው የሚያልፈው ብዙም አይጨምርም።

ዳዊት88

እሺ፣ ይህ ገባኝ። ግን ቁሙ በኑሴልት 5,345 መሆን ነበረበት። 6,400 ከየት መጣ? ያውም የሙቀት ልዩነቱ ከ20 ወደ 23 ሲጨምር ኮኤፊሸንቱ መቀነስ ነበረበት እንጂ መጨመር አልነበረበትም።

ግርማ_ፕሮሰስ

ጥሩ ጥያቄ። በኑሴልት ከሄድን በ23 ዲግሪ 5,160 አካባቢ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ክፍተቱ ከመሰለህም ይሰፋል።

ማዕበል ነው። ኑሴልት ፊልሙ እንደ መስታወት ለስላሳ ሆኖ ይወርዳል ብሎ ነው ያሰላው። ይህ የሚሠራው የፊልሙ ሬይኖልድስ ቁጥር ከ30 በታች እስካለ ድረስ ነው። በሰላም መልመጃ ቁጥሮች ቁሙ ቱቦ ግርጌ ላይ 590 ገደማ ይደርሳል። እዚያ ፊልሙ ይሸበሸባል፤ በማዕበሎቹ መካከል ይሳሳል፣ ማዕበሉም ራሱ ውኃውን ያማስለዋል። ሙሉ ቱርቡለንት የሚሆነው 1,800 አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ እዚያ አልደረስንም። በመካከል ላለው ሁኔታ የኩታቴላድዜን ቀመር ተጠቀምኩ። በ20 ዲግሪ ልዩነት 6,630 ይሰጣል፣ በ23 ደግሞ 6,470። ሰላም የለካችው 6,400 ነው።

አግድሙ ላይ በአንድ ጎን የሚወርደው ውኃ ትንሽ ነው፣ ቁጥሩ 45 አካባቢ። ከ30 ትንሽ ቢያልፍም መንገዱ አጭር ስለሆነ ማዕበል ለመፍጠር ጊዜ የለውም። ስለዚህ ለአግድሙ ኑሴልት ይበቃል፣ ለቁሙ አይበቃም። በመልመጃዎች ላይ የሚወጣው «እጥፍ» የሚባለው ነገር እዚሁ ላይ ነው ወደ 1.57 የሚወርደው፤ ገጹ 80 ሆኖ ቢያዝ እንኳን። ተማሪዎች ሬይኖልድስን ሳያረጋግጡ በ0.943 የሚጀምረውን የኑሴልት የቁም ቀመር ሲያወርዱ ሁሌም ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ልኬቱ ከስሌቱ ጋር እንዲህ መግጠሙ ትንሽ ዕድልም አለበት። ልዩነቱ 16 ዲግሪ ብቻ ሲሆን ቴርሞካፕሉ በ1 ዲግሪ ከተሳሳተ ኮኤፊሸንቱ በ6 ከመቶ ይሳሳታል። ሪፖርትሽ ላይ 10,900 ብለሽ ስትጽፊ ይህን አትርሺ።

ቦይለር_ቤት

እኔ ከስሌቱ ብዙም የለሁበትም፣ ግን እንፋሎት አውቃለሁ። አየሩን አስወጥታችኋል? ቅርፊቱ ውስጥ አየር ከቀረ እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ወሬ ናቸው። ከአንድ ከመቶ በታች የሆነ አየር እንኳን ኮኤፊሸንቱን ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል። እንፋሎቱ ወደ ቱቦው ሲሮጥ አየሩንም ይዞት ይሄዳል፣ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ይቀራል፣ አየሩ ግን ቱቦው ዙሪያ እንደ ብርድ ልብስ ይከመራል።

ለማወቅ ቀላል ነው። ግፊቱን አንብቢ፣ ለዚያ ግፊት የሚገባው የእንፋሎት ሙቀት ስንት እንደሆነ ከሠንጠረዥ እዪ፣ ከዚያ ቅርፊቱ ውስጥ በቬንቱ አካባቢ ያለውን ሙቀት ለኪ። ዝቅ ካለ አየር አለ። ቬንቱን ትንሽ ከፍተሽ ስትጠብቂ ኮንደንሴቱ ከጨመረም ያው ነው።

ሰላም_ኤም

ቬንቱን ከፍተን እንፋሎት በደንብ እስኪወጣ ጠብቀን ነው የጀመርነው። ሙቀቱም 100 ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ግን አግድሙ ላይ ያልጠበቅነው ከፍ ያለ ንባብ አግኝተን ነበር፤ ቱቦው ከተቀየረ በኋላ በመጀመሪያው ሙከራ። በሚቀጥለው ጠፋ። ያንን ሰረዝነው።

ቦይለር_ቤት

በእጃችሁ ነክታችሁት ይሆናላ! ገጹ ላይ ቅባት ካለ ውኃው ፊልም አይሠራም፣ በጠብታ በጠብታ ይሆናል። ጠብታው ተንከባሎ ሲወርድ ባዶ ብረት ትቶ ይሄዳል። ያኔ ኮኤፊሸንቱ አሥር እጥፍም ሊሄድ ይችላል። ቅባቱ ታጥቦ ሲያልቅ ወደ ፊልም ይመለሳል። በመስታወቱ በኩል አይታችሁት ቢሆን በዓይን ይለይ ነበር።

ሀና_ኤች

ዘግይቼ ነው የመጣሁት። እኔ በሥራዬ የማገኘው አንድ ቱቦ ሳይሆን ቅርፊት ውስጥ የተደረደረ ብዙ ቱቦ ነው። እና ሁሌም አግድም ይሻላል ሲባል ትንሽ ያሳስበኛል። ቱቦዎቹ በቁም ረድፍ ከተደረደሩ የላይኛው የሚያንጠባጥበው በታችኛው ላይ ይወርዳል። የታችኛው ፊልም ይወፍራል። በኑሴልት አካሄድ ከላይ ወደ ታች N ረድፍ ሲሆን አማካይ ኮኤፊሸንቱ በN^(-1/4) ይቀንሳል። ለሰላም ቱቦ 10 ረድፍ ቢሆን 10,390 ወደ 5,840 ይወርዳል። ከማዕበሉ ጋር ከተሰላው ቁም ቱቦ ያነሰ ሆነ ማለት ነው! እንዲያውም 6 ረድፍ ላይ ነው እኩል የሚሆኑት።

ግርማ_ፕሮሰስ

ሀና፣ 1/4 በጣም ጨካኝ ነው። ኑሴልት ውኃው ከቱቦ ወደ ቱቦ እንደ ቀጣይ አንሶላ ይወርዳል ብሎ ነው ያሰበው። በእውነቱ በጠብታና በጅረት ነው የሚወርደው፣ ይረጫል፣ የታችኛውን ፊልም ይበጠብጣል። በዲዛይን ላይ ከርን ያቀረበውን 1/6 ነው ብዙዎቻችን የምንጠቀመው። በሱ 10 ረድፍ 7,080 ይሰጣል። እኩል የሚሆኑት 15 ረድፍ አካባቢ ነው።

ሀና_ኤች

1/6ን አውቀዋለሁ፣ ግን እኔ ካየኋቸው ኮንደንሰሮች አንዳንዶቹ ከሁለቱም አይገጥሙም። የእንፋሎቱ ፍጥነት ከፍ ሲል ፊልሙን ይገፈዋል፣ ከ1/6ም ይሻላል። ቅርፊቱ ታችኛው ክፍል ላይ ፍጥነቱ ሲሞት ደግሞ ይብሳል። አንድ ቁጥር ለሁሉም መስጠት አልወደውም።

ግርማ_ፕሮሰስ

በዚህ እንስማማለን። እኔም ለመጀመሪያ ግምት ነው የምጠቀምበት። ሆኖም ስሌት ላይ ጥርጣሬ ካለ ወደ አንዱ ማዘንበል ግድ ነው፣ እኔ ወደ 1/6 አዘነብላለሁ። የሚሸጥ ዕቃ ቢሆንና ዋስትና ብሰጥበት ግን ወደ አንቺ እቀርብ ይሆናል።

ዳዊት88

ቁሙን ለማሻሻል አንድ ሐሳብ አለኝ። መንገዱ መርዘሙ ነው ችግሩ ካላችሁ፣ በየ25 ሳንቲሜትሩ ቱቦው ላይ ቀለበት ብናስር ውኃውን ከገጹ አርቆ አይጥለውም? አንድ ሜትሩን አራት አጭር ቱቦ አደረግነው ማለት ነው። በቀመሩ አራት በሩብ ኃይል 1.41 ነው። 41 ከመቶ በነፃ!

ግርማ_ፕሮሰስ

ሐሳቡ ይሠራል። ቀለበቱ ግን ወደ ውጭ የተዘረጋና ወደ ታች ያዘነበለ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ውኃው ዞሮ ተመልሶ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። 41 ከመቶውን ግን አታገኝም። ማዕበል ያለበት ፊልም ላይ ርዝመት ያን ያህል አይጎዳም፤ ጥቅሙ ወደ 28 ከመቶ ይወርዳል። ከዚያ የውኃው በር አለ። በሰላም መሣሪያ ላይ ኮንደንሴቱ የሚጨምረው 9 ከመቶ አካባቢ ነው።

ሰላም_ኤም

እንግዲያው የማቀዝቀዣውን ውኃ ፍጥነት ከፍ ብናደርግ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል ማለት ነው? ፓምፑ አሁን ካለው ትንሽ ከፍ ይላል።

ግርማ_ፕሮሰስ

አዎ። በውስጥ ያለው 4,000 ወደ 6,000 ቢደርስ የሁለቱ ኮንደንሴት ልዩነት ይሰፋል። ግን ገጹ ሲቀዘቅዝ ፊልሙም እንደሚወፍር አትርሺ፣ ስለዚህ 1.7 ላይ አትደርሺም። ከመሄድሽ በፊት የሁለቱን የገጽ ሙቀት ገምተሽ ጻፊ፣ ከዚያ ለኪ።

ሰላም_ኤም

እሺ፣ ዛሬ ማታ እገምተዋለሁ። ቁሙ ላይ ሦስቱ ቴርሞካፕሎች አንድ ዓይነት አያነቡም፣ የላይኛው ከታችኛው ይሞቃል። አማካይ ብቻ ነበር የጻፍኩት፣ አሁን ለየብቻ አስቀምጣቸዋለሁ።

ሀና_ኤች

ለየብቻ ስታስቀምጪ የውኃው ፍሰት ከታች ወደ ላይ ይሁን ከላይ ወደ ታችም ጻፊልን። ከታች ከገባ ታችኛው የቀዘቀዘው በፊልሙ ውፍረት ብቻ ላይሆን ይችላል።